የጋራውን የሪፖርት ፎርማት ሳያበላሹ መሙላት

በወረቀት ቅጽ መሥራት የለመደ ሰው ባዶ ቦታ ትቶ ሪፖርት አይልክም። እያንዳንዱን መስመር ይሞላል፣ ድምሩን በካልኩሌተር ያሰላል፣ ይፈርማል፣ ማኅተም ያስመታል። ይህ ጥንቃቄ የሚመሰገን ነው፤ ወደ ኤክሴል ሲሻገር ግን ብዙ ጊዜ ፎርማቱን የሚያበላሸው እሱው ነው። የወረቀቱ ቅጽ ሁሉንም ቦታ እንድንሞላለት ይጠብቃል። የኤክሴሉ ፎርማት ደግሞ ገሚሱን ራሱ ይሞላል፣ በዚያ ቦታ ላይ እጃችንን እንዳናሳርፍም ይፈልጋል። አዲስ ሠራተኛ ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ወር ፋይሉ በቴሌግራም ወይም በፍላሽ ሲደርሰው፣ የትኛው ሴል የእሱ እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ የፎርሙላው እንደሆነ የሚነግረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የለም። «ባለፈው ወር እንደተሞላው ሙላ» ተብሎ ይሰጠዋል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። 12 አባል ማኅበራት ያሉት አንድ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ዩኒየን አለ እንበል። በየወሩ የሁሉም ማኅበራት የቁጠባ እንቅስቃሴ በአንድ የጋራ ፎርማት ላይ ይሰበሰባል። ለእያንዳንዱ ወር አንድ ሺት አለው። ማኅበራቱ ከረድፍ 5 እስከ ረድፍ 16 ተደርድረዋል፤ ድምሩ ረድፍ 17 ላይ ነው። ዓምድ C ካለፈው ወር የዞረውን ቁጠባ፣ D በወሩ የገባውን፣ E በወሩ ወጪ የሆነውን፣ F ደግሞ የወሩን መጨረሻ ቀሪ ይይዛል። በኅዳር ሺት ላይ ረድፍ 8ን ብንከፍተው ከጀርባው የተጻፈው እንዲህ ነው፦

```
C8:   =ጥቅምት!F8
F8:   =C8+D8-E8
D17:  =SUM(D5:D16)
F17:  =SUM(F5:F16)
```

ይህን ልብ ብሎ ያየ ሰው ትልቁን ነገር ይረዳል። ዓምድ C የጥቅምትን ቀሪ ራሱ ያመጣል። ዓምድ F ራሱ ያሰላል። ረድፍ 17 ራሱ ይደምራል። ለሠራተኛው እጅ የቀሩት ዓምድ D እና E ብቻ ናቸው፤ ለ12 ማኅበራት 24 ሴሎች ማለት ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም።

ፎርሙላ ያለበትን ሴል ከሌለበት ለመለየት ሴሉን አንዴ ጠቅ አድርጎ፣ ከዓምዶቹ ፊደላት በላይ ያለውን ረጅም ነጭ መስመር ማየት ነው። እዚያ ላይ የእኩል ምልክት ቀድሞ ከታየ ሴሉ የፎርሙላው ነው፤ ቁጥር ብቻ ከታየ የሰው እጅ የጻፈው ነው። ሙሉውን ሺት በአንድ ጊዜ ለማየት ደግሞ `Ctrl` ን ተጭኖ ከቁጥር 1 በስተግራ ያለችውን `` ` `` መንካት ነው፤ ቁጥሮቹ ይጠፉና በቦታቸው ፎርሙላዎቹ ይወጣሉ። ደግሞ ሲነኩት ወደ ቀድሞው ይመለሳል። አዲስ ሠራተኛ አንድም ቁጥር ሳያስገባ መጀመሪያ ይህን አድርጎ ፎርማቱን ከላይ እስከ ታች ቢያነበው፣ ሥራውን ከማንም ማብራሪያ በተሻለ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ጥፋቱ። አዲስ የተቀጠረች የሂሳብ ሠራተኛ ረድፍ 8 ላይ ያለውን ማኅበር ትሞላለች። ከጥቅምት የዞረው 1,240,000 ብር ነው። ከማኅበሩ በስልክ የተነገራት የወሩ ገቢ 38,000፣ ወጪው ደግሞ 21,500 ነው። ቀሪውን በካልኩሌተር አስልታ 1,256,500 አገኘች፤ F8 ላይም ጻፈችው። ልክ ናት። F8 ላይ አስቀድሞ ይታይ የነበረውም ያው ቁጥር ስለሆነ ስክሪኑ ላይ ምንም አልተለወጠም። ከስር ግን ፎርሙላው ተሰርዞ በቦታው የማይንቀሳቀስ ቁጥር ተቀምጧል።

ከሁለት ቀን በኋላ የማኅበሩ ደረሰኞች መጡ። ገቢው 83,000 ነው እንጂ 38,000 አይደለም፤ በስልክ ሲነገር ተገለባብጧል። D8ን አስተካከለች። ፎርሙላው ቢኖር ኖሮ F8 ወዲያው 1,301,500 ይሆን ነበር። አልሆነም፤ 1,256,500 እንዳለ ቀረ። F17 በ45,000 ብር አነሰ። በታኅሣሥ ሺት ላይ C8 የኅዳርን F8 ስለሚያመጣ ማኅበሩ አዲሱን ወር በ45,000 ብር ጎዶሎ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ጥርም፣ የካቲትም ያንኑ ጉድለት ተሸክመው ይሄዳሉ። ሪፖርቱ ላይ ቀይ ምልክት የለም፣ ስሕተት አለ የሚል ጽሑፍ የለም። ኤክሴል ቢበዛ በሴሉ ግራ ጥግ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ምልክት ያሳይ ይሆናል፤ እሷንም ብዙ ሰው ከቁም ነገር አይቆጥራትም።

ለጀማሪ ሠራተኛ ከሁሉ በፊት ሊነገረው የሚገባው ይህ ይመስለኛል። ሰው ሲሠለጥን `#REF!` ወይም `#VALUE!` የሚሉትን ጽሑፎች እንዲፈራ ይደረጋል። እነዚህ ግን ራሳቸውን የሚያጋልጡ ስሕተቶች ናቸው፤ ሪፖርቱን እንዲህ አድርጎ የሚልክ ሰው የለም። የሚያስፈራው ልክ መስሎ የሚታየው ቁጥር ነው። ስለዚህ ሥልጠናው መሠራት ያለበት ዝም ብለው በሚያልፉት ጥፋቶች ዙሪያ ነው።

ሁለተኛው ዝምተኛ ጥፋት ቆርጦ መለጠፍ ነው። ሠራተኛው የረድፍ 9ን ገቢ በስሕተት D8 ላይ ጽፎታል። ስሕተቱን አየ፤ `Ctrl+X` ብሎ ቆረጠና D9 ላይ `Ctrl+V` አለ። ከዎርድ ጽሑፍ ጋር የለመደው አሠራር ይኸው ስለሆነ ምንም ክፋት አይታየውም። ኤክሴል ግን መቁረጥን የሚረዳው በሌላ መንገድ ነው። ቁጥሩ ብቻ አልሄደም፤ D8 የተባለው ሴል ራሱ ቤቱን ቀይሮ D9 ገባ ብሎ ይወስዳል። ስለዚህ D8ን ይጠራ የነበረው ፎርሙላ ሁሉ ተከትሎት ይሄዳል፤ ቀድሞ D9ን ይጠራ የነበረው ደግሞ የሚጠራውን ያጣል። ውጤቱ ይህ ነው፦

```
F8:   =C8+D9-E8
F9:   =C9+#REF!-E9
```

F9 እና F17 ላይ `#REF!` ሲወጣ ሠራተኛው ይደነግጣል። ትንሽ የገባው ሰው F9 ላይ ፎርሙላውን መልሶ ይጽፈዋል፤ `#REF!` ይጠፋል፣ ድምሩም ይመለሳል፣ እፎይ ይባላል። F8 ግን አሁንም የጎረቤቱን ገቢ እየደመረ ነው። የጮኸውን አስተካክሎ ዝም ያለውን ትቶ መሄድ ማለት ይህ ነው። ሴሉን በጠርዙ ይዞ በማውስ እየጎተቱ ሌላ ሴል ላይ መጣልም ያው መቁረጥ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ በሪፖርት ፎርማት ውስጥ `Ctrl+X` ጨርሶ አይነካም። ቁጥር ቦታውን ከሳተ በትክክለኛው ቦታ እንደገና ይጻፋል፣ የተሳሳተው በ`Delete` ይጠፋል። ነገሩ የተበላሸው አሁን ከሆነና ፋይሉ ካልተዘጋ `Ctrl+Z` እየደጋገሙ ወደ ኋላ መመለስ በእጅ ከመጠገን እጅግ ይሻላል፤ የማይታየውንም ጥፋት አብሮ ይመልሳልና።

ኮፒ አድርጎ መለጠፍ እንደ መቁረጥ አይከፋም፤ የራሱ ጣጣ ግን አለው። ማኅበሩ የላከው ሌላ የኤክሴል ፋይል ካለ፣ ከዚያ ኮፒ ተደርጎ በቀጥታ ሲለጠፍ ቁጥሩ ብቻ አይመጣም። የዚያ ፋይል ፎርሙላ፣ ቀለም፣ የቁጥር አጻጻፍ ሁሉ ይከተላል። ፎርሙላው ወደዚያኛው ፋይል የሚያመለክት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የጋራው ሪፖርት የሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ባለ ፋይል ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲከፈት ከሌሎች ፋይሎች ጋር ግንኙነት አለ የሚል ማስታወቂያ ከላይ ቢወጣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። ከውጭ የመጣ ቁጥር ሁልጊዜ ቁጥሩ ብቻ ይለጠፍ። ኮፒ ካደረጉ በኋላ የሚለጠፍበት ሴል ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጎ `Paste Special` ውስጥ `Values` የሚለውን መምረጥ በቂ ነው።

ሦስተኛው ጥፋት ጽሑፍ የሆነ ቁጥር ነው፤ በእኛ መሥሪያ ቤቶች ብዙ የሚታየውም ይህ ይመስለኛል። ለሰው ዓይን 83000 ምንጊዜም ቁጥር ነው። ለኤክሴል ግን ከፊቱ ወይም ከኋላው የማይታይ ክፍት ቦታ ካለበት፣ ከዜሮ ይልቅ O የምትለው የላቲን ፊደል ከገባችበት፣ ወይም ሴሉ አስቀድሞ ለጽሑፍ ተብሎ ከተዘጋጀ ቁጥር መሆኑ ያበቃል። ከቴሌግራም መልእክት ወይም ከፒዲኤፍ ኮፒ የተደረገ ቁጥር ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ክፍት ቦታ ይዞ ይመጣል።

የዚህ ጥፋት አስቸጋሪነት ፎርሙላዎቹ እኩል አለማስተናገዳቸው ነው። ጽሑፍ የሆነው ሴል ውስጥ አኃዝ ብቻ ካለ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ፎርሙላ እንደ ቁጥር ቆጥሮ ይሠራበታል። `SUM` ግን ዘልሎት ያልፋል። በምሳሌያችን D8 ላይ ያለው 83,000 ጽሑፍ ቢሆን F8 በትክክል 1,301,500 ይላል። F17ም ልክ ይሆናል። D17 ግን በ83,000 ብር ያንሳል። አንድ ረድፍ ትክክል ሆኖ ድምሩ ብቻ ይሳሳታል፤ ረድፍ በረድፍ የሚያረጋግጥ ሰው ቢመለከተው ምንም አያገኝም።

ሴሉ ውስጥ «83,000 ብር» ተብሎ ቢጻፍ ደግሞ F8 `#VALUE!` ይላል፤ ይኸኛው ቢያንስ ይታያል። በወሩ ገንዘብ ያላስገባ ማኅበር ሲኖር «የለም» ወይም ሰረዝ መጻፍም ያንኑ ያመጣል። ገቢ ከሌለ 0 ይጻፋል። መረጃው ገና ካልደረሰ ግን 0 መጻፍ የለበትም፤ ሴሉ ባዶ ይተውና ጎን ላይ ወይም በመልእክት «አልደረሰም» ይባል። ልዩነቱ ለአንባቢው ብቻ ሳይሆን ለፎርሙላውም ነው፤ `AVERAGE` ባዶውን ሴል አይቆጥረውም፣ ዜሮውን ግን ይቆጥረዋል። ያልደረሰ ሪፖርት ዜሮ ተብሎ ሲገባ አማካዩ ያለ ምክንያት ይወርዳል።

ጽሑፍ የሆነውን ቁጥር በዓይን ለመለየት አንድ ዘዴ አለ። ማንም ካልነካካው በቀር ቁጥር በሴሉ ቀኝ ጠርዝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ በግራ። ፎርማቱን ያዘጋጀው ሰው ሁሉንም መሐል ካደረገው ይህ ምልክት ይጠፋል፤ ስለዚህ የቁጥር ዓምዶችን ለውበት ብሎ መሐል አለማድረግ ይሻላል። ሌላው መንገድ 12ቱን የD ሴሎች በማውስ መምረጥና ከታች በስተቀኝ ያለውን መስመር ማንበብ ነው። `Numerical Count` የሚለው እዚያ ካልታየ በመስመሩ ላይ በቀኝ ጠቅ ተደርጎ ከዝርዝሩ ይመረጣል። 12 መሆን ሲገባው 11 ካለ አንዱ ቁጥር ቁጥር አይደለም፤ ወይም ባዶ ነው።

ቀን ስናስገባ የሚደርሰው ደግሞ ከውጭ አገር በመጣ መመሪያ ላይ የማይገኝ ነው። ኤክሴል የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። የብድር ሺት ላይ ሠራተኛው ጥቅምት 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ለማለት 1/2/2017 ብሎ ይጽፋል፤ ኅዳር 1 ደግሞ 1/3/2017። ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አጻጻፍ የተስተካከለ ከሆነ ወር ይቀድማልና የመጀመሪያውን ጃንዋሪ 2፣ ሁለተኛውን ጃንዋሪ 3 ብሎ ይወስዳል። በመካከላቸው ያለውን ቀን አስላ ሲባል 1 ቀን ይላል፤ እውነቱ 30 ነው። ጥቅምት 15 ሲጻፍ 15/2/2017 ይሆናል። 15ኛ ወር ስለሌለ ኤክሴል እንደ ጽሑፍ ይተወዋል፤ ስሌቱ ላይ `#VALUE!` ይወጣል። ጳጉሜን 3 ደግሞ 3/13/2017 ተብሎ ሲገባ ያለ ምንም ተቃውሞ ማርች 13 ይሆናል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ገሚሱ የተሳሳተ ቀን፣ ገሚሱ ጽሑፍ ሆኖ ይቀመጣል፤ የቅጣት ወለድም በዚያ ላይ ይሰላል።

ለዚህ ፎርማቱን የሚያዘጋጀው ሰው ነው መፍትሔ ማምጣት ያለበት። የኢትዮጵያን ቀን በአንድ ሴል ከማስገባት ይልቅ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት ዓምድ ለይቶ ማስቀመጥ ነው። ወሮቻችን 30፣ 30 ቀን ስለሆኑ ስሌቱ ከፈረንጁ ይልቅ ይቀላል። ብድሩ የተሰጠበት ቀን፣ ወርና ዓመት በB፣ C እና D፣ የተመለሰበት ደግሞ በE፣ F እና G ቢሆን፣ በመካከል ያለውን ቀን የሚያወጣው ፎርሙላ ይህ ነው፦

```
=(G5*365+INT(G5/4)+F5*30+E5)-(D5*365+INT(D5/4)+C5*30+B5)
```

ዓመቱን በ4 የሚያካፍለው ክፍል በየአራት ዓመቱ የምትመጣውን ጳጉሜን 6ን ይይዛል። ነሐሴ 30 ቀን 2015 ዓ.ም. ተሰጥቶ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. የተመለሰ ብድር ቢገባበት 7 ይላል፤ በጣትም ቢቆጠር ስድስቱ የጳጉሜን ቀናትና መስከረም 1 ሰባት ናቸው።

ረድፍ መጨመር ለብቻው ሊነሳ ይገባዋል። በዓመቱ አጋማሽ ላይ 13ኛ ማኅበር ዩኒየኑን ተቀላቀለ። ሠራተኛው ከድምሩ በላይ አዲስ ረድፍ አስገብቶ ሞላው። አዲሱ ማኅበር ረድፍ 17 ላይ ተቀመጠ፣ ድምሩ ወደ 18 ወረደ። የድምሩ ፎርሙላ ግን አሁንም ከ5 እስከ 16 ያለውን ነው የሚደምረው። ኤክሴል አንዳንዴ ራሱ ያሰፋዋል፣ አንዳንዴ አያሰፋውም፤ በዚህ ላይ መተማመን አይገባም። አዲሱ ማኅበር በዓይን ይታያል፣ በድምሩ ውስጥ ግን የለም።

ይህ ስሕተት ጀማሪን ብቻ የሚያጠቃ አይደለም። ኢኮኖሚስቶቹ ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት፣ የመንግሥት ዕዳ ከኢኮኖሚ ዕድገት ጋር ያለውን ዝምድና በመረመሩበት ታዋቂ ጽሑፍ ውስጥ አማካዩን የሚያሰላው ፎርሙላ ከረድፍ 30 እስከ 49 መሄድ ሲገባው 44 ላይ ቆሞ ነበር። ከ20ዎቹ አገሮች የመጨረሻዎቹ አምስቱ ከስሌቱ ውጭ ቀሩ። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ያገኘው በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት የድኅረ ምረቃ ተማሪ የነበረው ቶማስ ኸርንደን ነው፤ የኤክሴል ፋይሉን ጠይቆ ተቀብሎ ሴል በሴል አየው። በጽሑፉ ላይ ሌሎች የስሌት ጥያቄዎችም ተነሥተውበታል፤ አምስቱ አገሮች መቅረታቸው ግን ሦስት ዓመት ሙሉ በሰው ፊት ተቀምጦ ሳይታይ የኖረ ነገር ነው።

አዲስ ረድፍ በግድ ካስፈለገ ከድምሩ ጋር ሳይሆን በማኅበራቱ መካከል ይገባል። ረድፍ 16ን መርጦ `Insert` ሲባል አዲሱ ረድፍ ከ15ኛው በኋላ ይገባል፣ የድምሩም ወሰን ወደ 17 ይሰፋል። ከዚያ የዓምድ F ፎርሙላ ከላይኛው ረድፍ ወደ አዲሱ ኮፒ ይደረጋል፤ የዓምድ C ግን ኮፒ አይደረግም፣ ባለፈው ወር ሺት ላይ ረድፍ 16 የሌላ ማኅበር ነውና፤ የአዲሱ ማኅበር የዞረ ቁጠባ በእጅ ይጻፋል። ሥራው ግን በዚህ አያበቃም። የሚቀጥለው ወር ሺት አሁንም 12 ረድፍ ነው ያለው፤ ዩኒየኑ ወደ በላይ አካል የሚልከው ማጠቃለያ ፋይል ካለም እሱ የሚያነበው የድሮውን የድምር ቦታ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ረድፍ መጨመር፣ ዓምድ መሰረዝና የሺት ስም መቀየር የፎርማቱ ባለቤት ሥራ እንጂ የሚሞላው ሰው ሥራ መሆን የሌለበት። ሠራተኛው የ13ኛውን ማኅበር ቁጥር በመልእክት ልኮ «ቦታ ይሠራልኝ» ማለት መብቱም ግዴታውም ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ፎርሙላው ሳይበላሽ የተበላሸ ይመስላል። D8ን ቀይረነው F8 ዝም ሲል መጀመሪያ F8ን ጠቅ አድርገን ከላይ ያለውን መስመር እንይ። ፎርሙላው በቦታው ካለ፣ `Formulas` በሚለው ሥር `Calculation Options` ውስጥ `Manual` ተመርጦ ይሆናል። `F9` ሲነካ ሁሉም ቁጥር ይነቃል። ሠራተኛው ይህን አላስተካከልኩም ሊል ይችላል፤ እውነቱንም ነው። ኤክሴል ይህን ምርጫ የሚወስደው በመጀመሪያ ከተከፈተው ፋይል ነው፤ የሌላ ሰው ፋይል ቀድሞ ተከፍቶ ከነበረ የእሱ ምርጫ ለሁሉም ይተርፋል። ይህን የማያውቅ ሰው «ፎርሙላው አይሠራም» ብሎ በካልኩሌተር አስልቶ ላዩ ላይ ይጽፍበታል፤ የእውነቱ ጥፋት የሚጀምረው ያኔ ነው።

ሪፖርቱ ከመላኩ በፊት የሚደረግ ማረጋገጫ አለ። በሁለት መንገድ የሚደረስበት ቁጥር ሁለቱም ጋ እኩል መሆን አለበት። ቀሪዎቹን ወደ ታች ብንደምር F17 እናገኛለን። የዓምዶቹን ድምር ወደ ጎን ብናሰላ፣ ማለትም የዞረው ሲደመር የገባው ሲቀነስ ወጪው፣ ያው መምጣት አለበት። ከሰንጠረዡ ውጭ ባሉ ሁለት ሴሎች ላይ እነዚህ ሁለቱ ይቀመጡ፦

```
=ROUND(C17+D17-E17-F17,2)
=SUMPRODUCT(--ISFORMULA(F5:F16))
```

የመጀመሪያው 0 መሆን አለበት። በሂሳብ ሠራተኛዋ ታሪክ 45,000 ይላል። ጽሑፍ በሆነው ገቢ ጊዜ ደግሞ በዜሮ ፋንታ -83,000 ያሳያል፤ የልዩነቱ መጠን ራሱ የትኛው ማኅበር ጋ መሄድ እንዳለብን ይነግረናል። ቆርጦ በመለጠፉ ጊዜም F9 በእጅ ተጠግኖ F8 ሲረሳ፣ ልዩነቱ በሁለቱ ማኅበራት ገቢ መካከል ያለው ይሆናል።

ሁለተኛው የሚቆጥረው በዓምድ F ውስጥ ስንት ፎርሙላ እንደቀረ ነው፤ 12 ማለት አለበት። ይህኛው የሚያስፈልገው የመጀመሪያው የማይደርስበት ነገር ስላለ ነው። ሠራተኛዋ F8 ላይ 1,256,500 ስትጽፍ D8 ገና 38,000 ስለነበር ልዩነቱ 0 ነበር። ያኔ ሪፖርቱ ቢላክ ማረጋገጫው ያልፈው ነበር። የፎርሙላው ቆጠራ ግን በዚያችው ደቂቃ 11 ይላል። `ISFORMULA` ከኤክሴል 2013 ጀምሮ ያለ ነው፤ ከዚያ በፊት ባለው ላይ `` Ctrl+` `` ብሎ በዓይን መቁጠር ግድ ነው።

ሁለቱም ቢሆኑ የማይዙት አለ። የአንዱ ማኅበር ገቢ በሌላው ረድፍ ቢጻፍ ድምሩም ፎርሙላውም አይዛባም። እሱን የሚይዘው ከደረሰኙ ወይም ከማኅበሩ ሪፖርት ጋር እያንዳንዱን ረድፍ ማመሳከር ብቻ ነው፤ ለዚህ ኤክሴል ምንም ሊያደርግልን አይችልም።

የፎርማቱ ባለቤት የሆነው ሰው ደግሞ ይህን ሁሉ በሠራተኛው ጥንቃቄ ላይ መጣል የለበትም። ኤክሴል ውስጥ እያንዳንዱ ሴል ሲፈጠር የተቆለፈ ነው፤ ቁልፉ ሥራ የሚጀምረው ግን ሺቱ ሲዘጋ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ለሠራተኛው እጅ የተተዉት ሴሎች፣ በምሳሌያችን ከD5 እስከ E16፣ ተመርጠው `Ctrl+1` ይባላል፤ `Protection` ውስጥ `Locked` የሚለው ምልክት ይነሣል። ከዚያ `Review` ሥር `Protect Sheet` ነው። አሁን F8 ላይ ለመጻፍ የሚሞክር ሰው ኤክሴል ራሱ ይከለክለዋል። ለሚጻፍባቸው ሴሎች ለየት ያለ ቀለም መስጠት ደግሞ ከመቆለፉ ባልተናነሰ ይጠቅማል፤ ሰው የት መጻፍ እንዳለበት ሳይጠይቅ ያያልና። በእነዚሁ ሴሎች ላይ `Data Validation` አድርጎ ቁጥር ብቻ እንዲቀበሉ ማድረግ «የለም» የሚለውን ከበር ይመልሰዋል።

መቆለፊያውም ወሰን አለው። ክፍት ከሆነ ሴል ቆርጦ ሌላ ክፍት ሴል ላይ መለጠፍን አያግድም። D8ን ቆርጦ D9 ላይ የለጠፈ ሰው በተቆለፈ ሺት ላይም ቢሆን F8 እና F9ን ያበላሻቸዋል። ኮፒ ተደርጎ የሚለጠፍ ነገርም የቁጥር ብቻ ገደቡን ጥሶ ይገባል፤ ገደቡ የሚያየው በእጅ የሚጻፈውን ነው። ስለዚህ ሺቱ ቢቆለፍም `Ctrl+X` የተከለከለ መሆኑና ከውጭ የመጣ ቁጥር በ`Values` ብቻ መለጠፉ ለአዲሱ ሠራተኛ በቃልም በጽሑፍም ይነገረው።

የመቆለፊያው የይለፍ ቃል አንድ ሰው ጋ ብቻ መቅረት የለበትም። ያ ሰው ሲዛወር ወይም ሥራ ሲለቅ ፎርማቱ ተቆልፎ ይቀራል፤ ሠራተኞቹም ሁሉንም ኮፒ አድርገው ወደ አዲስ ፋይል ያወጡትና ካለ መቆለፊያ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ሁለት ሰው ይያዘው፤ ቁጥር ያልገባበት ንጹሕ ፎርማትም ከወርሃዊዎቹ ፋይሎች ተለይቶ በእነሱ እጅ ይቀመጥ። አንድ ወር ላይ F ዓምድ ተበላሽቶ ሲገኝ ሴል በሴል ከመጠገን ይልቅ ንጹሑን አውጥቶ 24ቱን ቁጥሮች በ`Values` ማዛወር ከአሥር ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ካዛወሩ በኋላ ሁለቱን ማረጋገጫዎች፣ 0 እና 12ን፣ አይቶ የሚቀጥለውን ወር ሺት C ዓምድ መመልከት ይቀራል፤ የተበላሸው ቁጥር አስቀድሞ ወደዚያ ተሻግሮ እንደሆነ የሚታወቀው እዚያ ነው።